ጣሪያ ስትቆጥሩ ዜሮን አትዝለሉ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የካርታ ባለሙያ «ጋሼ፣ የሰፈሩን ነዋሪ ለመገመት የቆጠርነውን ጣሪያ በስንት እናባዛው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አንድ የጨረቃ ቤቶች ሰፈር ውስጥ ለኩፍኝ ክትባት ዘመቻ እየተዘጋጀን ነበር። የቀበሌው መዝገብ ቤቶቹን አያውቃቸውም። ስለዚህ ከሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ቆጠርን። ከላይ ሲታይ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደርቦ ሦስቱ ቤት አንድ ይመስላል። በአንድ ረጅም ጣሪያ ስር ደግሞ አምስት በር፣ አምስት ተከራይ ይኖራል። በር ከሰማይ አይታይም። በዚህ የተነሳ የተወሰኑ ጣሪያዎች በዕጣ ወጡና ቆጣሪዎች በእግራቸው ሄደው «ትናንት ማታ እዚህ ስንት ሰው አደረ?» ብለው ጠየቁ።

ችግሩ እዚያ ተፈጠረ። ዕጣ የወጣለት ጣሪያ ሱቅ፣ ሽንት ቤት ወይም ሰው ያልገባበት ጅምር ቤት ሲሆን ዘለው ጎረቤት ይገቡ ነበር። ዜሮ መጻፍ ሥራ እንዳልሠሩ የሚያስቆጥርባቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ።

በክብ ቁጥር ላስላላችሁ። ሰፈሩ 2,000 ጣሪያ አለው እንበል። ከ100 ናሙና በ20ው ማንም አያድርም፤ በ80ው 400 ሰው አለ። ዜሮዎቹን ከዘለላችሁ አማካዩ 5፣ ነዋሪው 10,000 ይሆናል። ካካተታችኋቸው አማካዩ 4፣ ነዋሪው 8,000 ነው። ከነዋሪው 12 በመቶው የሚከተብ ሕፃን ከሆነ፣ በ1,200 እና በ960 መካከል ያሉት 240 ልጆች በወረቀት ላይ ብቻ የተወለዱ ናቸው። እኛም እንዲህ ያሉ ልጆችን ቤት ለቤት ስንፈልግ ዋልን። የነሱ ክትባት በማቀዝቀዣ ሳጥናችን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር አለቀበት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዜሮ ጻፉ ስል ግን የተቆለፈ ቤት ሁሉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ልጁን ይዞ ይወጣል። ማታ ተመለሱ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩን በአንድ ሌሊት ትጨርሱታላችሁ፣ እሱስ ያስቀናኛል። ጫማችሁን ግን ጭቃ አይነካውም። የናይሮቢው ኪቤራ ለዓመታት ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል ይባል ነበር። የ2009ኙ (በአውሮፓውያን) የኬንያ ቆጠራ 170,000 ገደማ ብቻ አገኘ። ቁጥሩን የሚሞግቱ ቢኖሩም፣ ከወንበር ላይ የሚወራ ግምት ስንት እጥፍ እንደሚያብጥ አይቼበታለሁ።

ምስሉ የተነሳበትን ቀንም እዩ። የጨረቃ ቤት በሌሊት ይሠራል፣ በቀን ይፈርሳል።

ዘመቻው አልቆ ሪፖርቱ «130 በመቶ ተከተበ» ካለ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። ወይ ግምታችሁ አንሷል፣ ወይ ልጆች ከሌላ ሰፈር መጥተዋል። ሁለቱን ለመለየት መመዝገቢያው ላይ «ከየት ሰፈር?» የሚል አንድ ዓምድ አስቀድማችሁ ጨምሩ።