2,999 ወይስ 3,000?

«ጫማ በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ 3,000ውን 2,999 ባረገው ለውጥ አለው? 2,450ውንስ 2,449 ላርገው?»

3,000ውን 2,999 አርገው፣ 2,450ውን ተወው። ሰው ዋጋ የሚያነበው ከግራ ነው፣ 2,999 ሲያይ ቅናሹ አንድ ብር ብቻ ሆኖ እያለ «ሁለት ሺ ምናምን» ብሎ ነው የሚይዘው፣ 2,449 ላይ ግን ከፊት ያለው 2 አልተነካም፣ ማንም ልብ አይለውም።

ሌላው፣ 4,500 የምትሸጠው ቆዳ ጫማ ካለህ ከ2,999ኙ በላይ ፖስት አርገው፣ ገዢው መጀመሪያ ያየው ቁጥር መለኪያ ስለሚሆንበት 2,999ኙ ይረክስበታል (መርካቶ ሻጩ ቀድሞ ትልቅ የሚጠራውም ለዚሁ ነው)።

ብቻ «በፊት 4,500 ነበር» ብለህ ያልሸጥክበትን ዋጋ ጽፈህ ላዩ ላይ መስመር እንዳታሰምርበት። እኔ አርጌው አንዷ ደንበኛ የድሮ ፖስቴን ስክሪንሾት ኮመንት ላይ ለጠፈችው፣ ከዛ በኋላ የእውነት ስቀንስም የሚያምነኝ ጠፋ።