ዙም ላይ ሰው እስኪሞላ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ "ሰላም ቤተሰብ፣ በየሁለት ሳምንቱ ወደ 25 የምንሆን ሰዎች ዙም ላይ እንሰበሰባለን፣ የምመራው እኔ ነኝ። ሰው እስኪሞላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው የሚያስጨንቁኝ። አንዱ ሲገባ ሰላም እለዋለሁ፣ መልስ የለም፣ ከዛ ሁላችንም ዝም ብለን እንተያያለን። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?"

መልስ፦ ሰላም እህቴ። እኔ ስልጠና ምሰጠው ኦንላይን ነው፣ ስብሰባም በብዛት እመራለሁና ይሄ ነገር በደንብ ይገባኛል። መልስ ማይሰጡሽ ሰዎች አብዛኞቹ ሰላምታሽን ችላ ብለው ወይ አፍረው አይደለም፣ አልሰሙሽም። ሰው ዙም ሲገባ ስሙ ስክሪንሽ ላይ ቀድሞ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ገና አልተያያዘም። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ Join Audio ሚለውን መንካት አለበት፣ ስልክ ላይ ደግሞ Wifi or Cellular Data ሚል ይመጣለታል፣ እሱን እስኪነካ ድረስ ያንቺም ድምፅ አይሰማውም የሱም አይወጣም። አንቺ ስሙን እንዳየሽ እንዴት ነህ ትያለሽ፣ እሱ ገና ከስልኩ ጋር እየታገለ ነው፣ ድምፁ ሲገባለት ደግሞ አንቺ ዝም ብለሻል፣ እሱም ዝም ይላል። ዝምታው እንዲህ ነው ሚጀምረው።

ስለዚህ ስብሰባውን ስትከፍቺ Participants ሚለውን ዝርዝር ከጎን ክፈቺውና አትዝጊው። ሰውዬው ሲገባ ስሙ ጎን የማይክ ምልክት ከሌለ ድምፁ አልገባም፣ ጠብቂው። ማይኩ መጥቶ ቀይ ሰረዝ ካለበት ይሰማሻል ግን ማይኩን ዘግቷል። ምልክቱ ከመጣ በኋላ ሁለት ሶስት ሰከንድ ስጪው፣ ከዛ መጀመሪያ ስሙን ጥሪ፣ ትንሽ ቆም በይ፣ ከዛ ሰላም በይው። ስሙን ማስቀደምሽ ጥቅም አለው፣ ብዙ ሰው ከገባ በኋላ ሌላ ነገር ከፍቶ ነው ሚጠብቀው፣ ስሙን ሲሰማ ይመለሳል፣ ሰላምታው ከስሙ ከቀደመ ግን ለማን እንደተባለ ሳያውቅ ያልፈዋል። የዘጋውን ማይክ አንቺ በግድ ልትከፍችለት አትችይም፣ Ask to Unmute ስትነኪ እሱ ጋ ጥያቄ ይሄዳል፣ የሚከፍተው እሱ ነው። ግን ይሄን ሰላም ሳትዪው በፊት አትላኪ፣ አንዳንዱ ሰው ቤቱ ጫጫታ አለ ወይ ልጅ አቅፎ ነው፣ በቻት ሰላም ካለሽ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ምን ብለሽ ነው ምትጠይቂው? ለሁሉም "ድምፅ ይሰማል?" ካልሽ ወይ ሁሉም ባንዴ ይመልሳል ወይ ማንም አይመልስም። "ደህና ነህ?" ካልሽው ደግሞ ራሱን ይነቀንቅና ያበቃል። እኔ ለእያንዳንዱ ምጠይቀው "ዛሬ በስልክ ነው በኮምፒውተር የገባኸው?" ነው። ማንም ሳያስብ ይመልሳታል፣ መልሷም ትጠቅመኛለች፣ ምክንያቱም በስልክ የገባ ሰው በኋላ ሼር የማረገውን ሰንጠረዥ ማንበብ አይችልም፣ ፋይሉን ቀድሜ እልክለታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሲመልስልኝ ድምፁን እየፈተሽኩ ነው፣ ይቆራረጣል ወይ፣ በጣም ዝቅ ይላል ወይ፣ ያስተጋባል ወይ።

ማስተጋባቱን ላይ ቆም ልበል፣ ስብሰባ ከጀመረ በኋላ ከባድ ስለሆነ። ስታወሪ የራስሽ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ተመልሶ ከተሰማሽ ችግሩ አንቺ ጋ አይደለም፣ አንዱ ሰው ስፒከሩን ከፍ አድርጎ ያንቺ ድምፅ በሱ ማይክ እየተመለሰ ነው፣ ወይ ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ስልክ ገብተዋል። አስቸጋሪው ነገር ምክንያት የሆነው ሰው ራሱ ያንን ማስተጋባት አይሰማውም፣ ስለዚህ "ማን ነው ሚያስተጋባው" ብለሽ ብትጠይቂ ከሱ መልስ አታገኚም። ማድረግ ያለብሽ አንቺ እየቆጠርሽ አንድ ባንድ ሚውት ማድረግ ነው፣ ድምፅሽ መመለሱን ያቆመበት ሰው እሱ ነው፣ ኢርፎን እንዲያደርግ ወይ ስፒከሩን እንዲቀንስ ንገሪው። አምስት ሰው እያለ ይሄ የግማሽ ደቂቃ ስራ ነው፣ 25 ሰው ሆኖ አንዱ እየተናገረ ግን ስብሰባውን ያስቆመዋል። ለዚህ ነው ቀድመው የገቡትን ሰዎች ማናገር ለጨዋታ ብቻ ያልሆነው።

ስሙ ቦታ ላይ የስልክ ሞዴል ብቻ የተፃፈ ሰው ሲገባ ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ አታውቂም፣ ነህ ነሽ ብሎ መገመት አያስፈልግም። "ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ማን ልበል?" ማለት ነው፣ ስልክ ላይ እንደምንለው። ስሙን ሲነግርሽ ከዝርዝሩ ላይ ራስሽ Rename አድርጊለት፣ እሱን "ስምህን ቀይር" እያልሽ ቦታውን ስታስረጂ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል።

አሁን ቁጥሩ ሲጨምር ምን ይሆናል ሚለው ነው። እስከ ስድስት ሰባት ሰው ድረስ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ማለት ያምራል። ከዛ በኋላ ግን ሰላምታው ራሱ ስብሰባውን ይበላል፣ አንዱን ልታናግሪ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ወሬ የጀመረውንም ሰው በየመሃሉ ታቋርጪዋለሽ። ከስምንት ሰው በላይ ስትሆኑ የገቡትን ሶስት አራት አጠራቅመሽ ስማቸውን ባንዴ ጠርተሽ እንኳን ደህና መጣችሁ በይ፣ መልስም አትጠብቂ። ከ15 በላይ ሲሆን ስም መጥራት አቁሚ፣ የተወሰነውን ጠርተሽ የተወሰነውን ከምትዘዪ ሁሉንም ባንድ ሰላም ማለት ይሻላል፣ ያልተጠራ ሰው ያስተውላል።

ወሬው ራሱን በተመለከተ እኔ አንድ መለኪያ አለኝ፣ መሃል ላይ የገባ ሰው ባንድ ዓረፍተ ነገር ሊቀላቀለው ሚችል ካልሆነ አላነሳውም። ለምሳሌ "የባለፈውን መመሪያ ሞክሮ ያስቸገረው አለ?" ሚለው ጥሩ ነው፣ አዲስ ለገባው "ያስቸገረንን እያወራን ነው፣ አንተስ?" ትይዋለሽ አለቀ። የአንዱን ሰው የጤና ወይ የቤት ጉዳይ ግን ሁለት ብቻ ሆናችሁም ቢሆን አትጀምሪ፣ እሱ መልሱ መሃል ላይ እያለ ሶስት ሰው ይገባበታል። የስብሰባውን አጀንዳም አትንኩ፣ በሰዓቱ የገባው ሰው ውሳኔው ቀድሞ እንዳለቀ ይሰማዋል፣ ከዛም እንደገና መድገም ይመጣል። ቀረፃም ከሆነ ስብሰባው በይፋ ሲጀመር ነው ሚከፈተው፣ ሰው በዛች ደቂቃ ውስጥ እየተቀረፀ እንደሆነ ሳያስብ ነው ሚያወራው።

አካሄዱን እንድታዪው ያክል በቅርብ የመራሁትን አንዱን ልንገርሽ። ስብሰባው ማታ 2 ሰዓት ነበር፣ ሊንኩን 1 ሰዓት ከ45 ላይ ከፍቼ Waiting Room እንደበራ ተውኩት፣ ያቺን ጊዜ ከረዳቴ ጋር ስላይዱንና ድምፁን አየን። 1 ሰዓት ከ50 ላይ ማስገባት ጀመርን፣ እሷ ከበር ታስገባለች ስም ታስተካክላለች ቻቱን ታያለች፣ እኔ ሰላም እላለሁ። ይሄን ስራ መከፋፈል ካልቻልሽ እኩሉ ጭንቀትሽ ከዛ ነው፣ አንድ ሰው ኮ-ሆስት አድርጊ። ስክሪን ላይ አንድ ገፅ ብቻ ሼር አድርጌ ነበር፣ የስብሰባው ስም፣ "2፡03 ላይ እንጀምራለን" ሚል፣ ከስሩ "እስከዛ ቻት ላይ ዛሬ እንዲመለስላችሁ ምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ፃፉ" ሚል። ገፁ ጠቃሚ ነው ምክንያቱም ድምፁ ገና ያልገባለት ሰው ማንበብ ግን ይችላል፣ ትክክለኛው ቦታ መግባቱን ያውቃል። 1፡57 አካባቢ 14 ሰው ስንሆን ወሬውን አቆምኩና "እስከ 2፡03 ማይካችንን እንዝጋ፣ ውሃ ምትጠጡ ጠጡ፣ እኔም ካሜራዬን ላንድ ደቂቃ አጠፋለሁ" አልኳቸው። ያ ዝምታ አንቺ ከምትዪው ዝምታ ጋር አንድ አይደለም፣ መቼ እንደሚያልቅ የታወቀ ዝምታ ማንንም አያስጨንቅም፣ ስለዚህ ሁሉንም ደቂቃ በወሬ ልሙላው ብለሽ አትድከሚ። 2 ሰዓት ሲሆን ባጭሩ "ሶስት ደቂቃ ቀረን" ብዬ 2፡03 ላይ ጀመርኩ፣ 19 ሰው ነበር። ቻት ላይ ከተፃፉት ጥያቄዎች ሁለቱን አንብቤ ነው የገባሁት፣ ቀድሞ የመጣው ሰው የፃፈው ነገር ዋጋ እንዳለው እንዲያይ።

ያልኩትን ሰዓት እጠብቃለሁ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። "ትንሽ ሰው ይሙላ" እየተባለ 2፡10 ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በሰዓቱ ሚገቡት እነዛው ሰዎች 2፡10 ላይ ነው ሚገቡት። ነፃውን አካውንት ምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ስብሰባው 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጥብሻል፣ ቀድመሽ ከፍተሽ የጠበቅሽውም ከዛው ላይ ነው ሚሄደው፣ እንደዛ ከሆነ ከ5 ደቂቃ በላይ ቀድመሽ አትክፈቺ።

ቻት ላይ ምታስቀምጪውን ነገር አንድ ነገር ልብ በይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የገባ ሰው ከሱ በፊት የተፃፈውን አያየውም። ሊንክ ወይ ፋይል 1፡52 ላይ ለጥፈሽ "ቻቱ ላይ አለ" ብትዪ ግማሹ ሰው ባዶ ቻት ነው ሚያየው። ስትጀምሪ አንዴ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንዴ ድገሚው።

ከተጀመረ በኋላ ሚገቡትን በድምፅ ሰላም አትበያቸው፣ ተናጋሪው ይቋረጣል፣ የዘገየውም ሰው ሁሉም ዞሮ እንዲያየው አይፈልግም። ረዳትሽ በግል ቻት "እንኳን ደህና መጣህ፣ አሁን ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነን፣ ፋይሉ ይሄው" ብላ ትላክለት። ለብቻሽ ከሆንሽ ይቺን ፅሁፍ ቀድመሽ ኖት ላይ ፅፈሽ አስቀምጪና ኮፒ እያደረግሽ ላኪ፣ ቁጥሩን ብቻ ነው ምትቀይሪው።