የዓመት ፈቃድ ሲራዘም የሚጻፍ አቤቱታ

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ወረኢሉ ላለብኝ የወንድሜ ሠርግ የዓመት ፈቃድ ጠይቄ በሥራ ብዛት ተራዝሟል ተባልኩ። አቤቱታውን በትሕትና እንዴት ልጻፍ?»

ማራዘሙን ከመቃወም ይልቅ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ክፍል በሠርጉ ሰሞን እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 79 አሠሪው በሥራው ሁኔታ ምክንያት ፈቃድ እንዲያራዝም ቢፈቅድለትም፣ ሠራተኛውም ፈቃዱ ተከፍሎ እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ጥያቄዎ ኃላፊውን ቃሉን እንዲያጥፍ አያስገድደውም።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በቁጥር … በቀን … በተጻፈ ደብዳቤ የዓመት ፈቃዴ መራዘሙ ተገልጾልኛል። የሥራውን ጫና የምረዳ ሲሆን፣ ለወንድሜ ሠርግ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያሉት የሥራ ቀናት ብቻ ተከፍለው እንዲፈቀዱልኝ፣ ቀሪው ለድርጅቱ በሚመች ጊዜ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፈረቃዬን የሚሸፍንልኝ ባልደረባዬ የፈረመበትን ስምምነት አያይዣለሁ።»

ይህች የባልደረባ ፊርማ ከረጅም ልመና ይልቅ ትረዳለች፤ የኃላፊው ዋና ስጋት ማሽኑ ላይ ማን ይቆማል የሚለው ነውና።

ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የቅርብ አለቃዎ በቃል «ሂድ» ቢልዎ እንኳ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይይዙ አይሂዱ፤ አለቃው በኋላ ቃሉን ቢክድ በመዝገብ የሚገኘው ያለ ፈቃድ መቅረትዎ ብቻ ነው።