ኬፒአይ ይመታል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን «በዚህ ወር ኬፒአያችሁን አልመታችሁም» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ «ኬፒአይ እኮ አይመታም» ብሎ ሹክ አለኝ። ማናቸው ናቸው ልክ? ብዙ ቁጥሩስ «ኬፒአዮች» ነው «ኬፒአይዎች»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። ሥራ አስኪያጅዎ ግን ብቻውን አይደለም። እንደሱ የሚሉ ሰዎችን ስከራከር ዓመታት አልፈዋል፤ ያሸነፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ምህጻሩ ሲፈታ «ቁልፍ የአፈጻጸም አመልካች» ነው። የሐረጉ ባለቤት መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ነው፤ ከፊቱ ያሉት ገላጮቹ ናቸው። አመልካች «አመለከተ» ካለው ግሥ ይወጣል፤ ምልክትም የዚያው ቤት ልጅ ነው። የሚያመለክት ነገር ይታያል፣ ይነበባል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚመታው ዒላማ ነው። የመኪናዎን የነዳጅ ጌጅ «መታሁት» ቢሉኝ፣ እኔ የምረዳው መስታወቱ መሰንጠቁን ነው።

ስብሰባ ውስጥ ግን ቃሉ በአራት ፊት ይዞራል። ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ። «የክፍላችሁ ኬፒአይ ምንድን ነው?» ሲባል መለኪያ ነው። ትክክለኛው ቦታው ይሄ ብቻ ነው። «ኬፒአያችን ስድስት ደቂቃ ነው» ሲባል ዒላማ ሆኗል። «ኬፒአዬ ሰማንያ ሁለት መጣ» ሲባል የምዘና ውጤት ነው። አራተኛውን ደግሞ ሳልወደው አልቀርም፦ «እሱ የኔ ኬፒአይ አይደለም»። ትርጉሙ «አያገባኝም» ነው፤ ልዩነቱ በክራቫት መባሉ ብቻ ነው።

«ምን ይጎዳል? ሰው ከተግባባ በቃ» የሚሉ አሉ። ችግሩ አለመግባባታቸው ነው። አንድ የደንበኞች ጥሪ ማዕከል እናስብ። መለኪያው «የአንድ ጥሪ አማካይ ርዝመት» ነው። ዒላማው 6 ደቂቃ፣ የወሩ ውጤት 7 ደቂቃ ተኩል። ሥራ አስኪያጁ ይነሳና «ኬፒአያችን ስድስት ደቂቃ ነው፤ ኬፒአያችሁ ሰባት ተኩል ነው፤ በሚቀጥለው ወር ኬፒአዩ መመታት አለበት» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ተባለ። መጀመሪያ ዒላማ ነበረ፣ ቀጥሎ ውጤት፣ በመጨረሻም የሚመታ ነገር። መለኪያው ራሱ፣ ማለትም «የምንለካው ምንድን ነው? ለምንስ ነው?» የሚለው፣ ከአፉ አልወጣም።

ሠራተኛው ታዲያ የሰማውን ይሠራል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከባዱን ጥሪ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውራል፤ ወይም «መልሰን እንደውላለን» ብሎ ይዘጋል። በቀጣዩ ወር አማካዩ 5 ደቂቃ ከግማሽ ይሆናል። ስብሰባው ያጨበጭባል። ከመቶ ደዋይ በዚያው ጉዳይ መልሶ የሚደውለው 12 የነበረው ግን 30 ደርሷል እንበል። ይህን ማንም አላየም፤ ለምን ቢሉ፣ ኬፒአይ ተብሎ አልተጠራም። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ መሆኑን የሚያውቁት፣ የጥሪው ርዝመት ሲያጥር የጥሪው ብዛት አብሮ ሲጨምር ነው። ደህና ሥራ አስኪያጅ ከርዝመቱ ጎን «በመጀመሪያው ጥሪ የተፈታ ችግር» የሚል ሁለተኛ መለኪያ ያስቀምጣል። አንዱን ለመምታት ሌላውን መስበር ያን ጊዜ ይታያል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ነገር ይኸው ነው፦ መለኪያ ለመቆጣጠሪያ ሲውል አስተማማኝነቱን ያጣል። እሱ ያወራው ስለ ኢኮኖሚ ነው። እኔ የምጨምረው፣ በእኛ ስብሰባ ይህ ጥፋት መጀመሪያ የሚፈጸመው በሰዋስው ላይ ነው። አመልካቹን የ«መታ» ተሳቢ ባደረጉት ቅጽበት ዒላማ ሆኗል።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ሳልወድ በግድ አነሳዋለሁ። «ዓላማ» ከዓረብኛው «ዐላማ» ጋር ዘመድ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ምልክት ነው። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንልም የምናወራው ስለ ግብ ሳይሆን ስለ ምልክት ነው። ታዲያ ያ ቃል በአማርኛ ከምልክትነት ወደ ግብነት ተሻግሮ የለም? «ዒላማ»ም የሚቆመው ከጎኑ ነው። እንግዲህ ምልክትን ግብ ማድረግ ሥራ አስኪያጆች ያመጡት በሽታ አይደለም ማለት ነው፤ ቋንቋው ራሱ ድሮ ሄዶበታል። ክርክሩ ጥሩ ነው። ግን ለዓላማ በቂ ዘመን ተሰጥቶታል፤ ኬፒአይ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ሊሆን ይፈልጋል።

ሌሎች ደግሞ መፍትሔው ምህጻሩንም ወደ አማርኛ መመለስ ነው ይላሉ፤ «ቁአአ» እንበለው ባዮች ናቸው። እስቲ ጮክ ብለው ይጥሩት። ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጡ ይመስላል። በእርግጥ «አመልካች»ም ጣጣ አለው፤ ፍርድ ቤት በራፍ ላይ ማመልከቻ ይዞ የቆመውን ሰው ያስታውሳል። ለዚህ ይመስላል ብዙ ሰነዶች «አመላካች»ን የሚመርጡት። እኔ ብጠየቅ «ጠቋሚ» እል ነበር። ጠቋሚ ወሬ አቀባይንም ይመስላል ተብዬ ተነቅፌበታለሁ። ይምሰል! አንዳንዱ ኬፒአይ ሥራው ያው አይደል? ሆኖም ጠቋሚን ስብሰባ ላይ የሚል ከእኔ ሌላ አላገኘሁም።

«ቁልፍ»ንም ሳልነካ ላልፍ አልችልም። በግዕዝ መክፈቻው «መርኆ» ነው፤ ከ«ርኅወ»፣ ማለትም ከፈተ። የአማርኛው ቁልፍ ደግሞ ከ«ቆለፈ» ነው። አንዱ ስሙን ያገኘው ከመክፈት፣ ሌላው ከመዝጋት። ሃያ ሰባት ኬፒአይ የተደረደረበት ሠንጠረዥ ሳይ የትኛውን እንደፈለጉ ይገባኛል፤ ሃያ ሰባቱም ቁልፍ ከሆኑ በር ተረፈ ወይ?

ቃሉን ራሱን አልቃወምም። «ባንክ» የሚለው ቃል እንደገባ ገብቷል፤ አይወጣም። ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ሦስቱን ይለያዩልኝ፦ «ኬፒአይ፦ የጥሪ አማካይ ርዝመት። ዒላማ፦ 6 ደቂቃ። ውጤት፦ 7 ደቂቃ ተኩል።» በአፍ ሲሆን ግሡን ያዳምጡ። «መታ» ወይም «ተሳካ» ከመጣ፣ ኬፒአይን አውጥተው ዒላማን ያስገቡ። ሥራ አስኪያጅዎን ግን ሰው ፊት አያርሙት፤ «ዒላማው ስንት ነበር ያሉት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ብዙ ቁጥሩ «ኬፒአዮች» ነው። ቃሉ በ«ይ» ስለሚያልቅ እንደ «ጉዳይ» ይረባል፦ ጉዳዬ፣ ጉዳዮች፤ ኬፒአዬ፣ ኬፒአዮች። «ኬፒአይዎች» አናባቢ በሌለበት ያመጡት «ዎች» ነው። በእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ላይ የእኛን ደርበው «ኬፒአይሶች» የሚሉም አጋጥመውኛል። ልቆጣቸው አልኩና «መምህራኖች» የሚለውን ከራሴ ባልደረቦች አፍ በየቀኑ እንደምሰማ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።