ኃይል ያጣው ተርሚኔሽን

«ወንድሞች እርዱኝ፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ፕሮፊባሱ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ሦስት አራት ስሌቭ ይጥላል፤ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ሲፒዩው ላይ የባስ ስህተት መብራቱ BF ያብለጨልጫል። ገመዱንም ኮኔክተሩንም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የሲፒዩውን ዳያግኖስቲክ በፈር ክፈት። ስሌቮቹ የወደቁበትን ሰዓት አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ። BF የሚያብለጨልጭ ከሆነ ማስተሩ በሕይወት አለ፣ ቢያንስ አንድ ስሌቭ ግን አልመለሰለትም ማለት ነው።

ይህን የምልህ ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ያንተው ዓይነት ችግር ሁለት ሳምንት ስላለፋኝ ነው። እኔም ገመድ ቀይሬያለሁ። መፍትሔው የመጣው ሰዓቶቹን ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ሳስተያይ ነው። ስሌቮቹ ሁሌ የሚወድቁት ጽዳት ሲጀመር ነበር። ጽዳተኞቹ ለደኅንነት ሲሉ የመጨረሻውን ኮንቬየር ድራይቭ ብሬከር ያወርዳሉ። እሱ መጥፋቱ ያለ ነው፤ አጠገቡ ያሉት ሦስቱ ግን ኃይል እያላቸው አብረው ይጠፋሉ።

ምክንያቱ ተርሚኔሽኑ፣ ማለትም የመስመሩን ጫፍ የሚዘጉት ሬዚስተሮች ናቸው። ጫፍ ላይ ባለው ኮኔክተር ያለውን ማብሪያ ON ስታደርግ በአረንጓዴውና በቀዩ ሽቦ መካከል 220 ኦም ይገባል። ከዚህ ሌላ ቀዩ በ390 ኦም ከ5 ቮልት ጋር፣ አረንጓዴው በ390 ኦም ከዜሮው ጋር ይያያዛል። ማንም በማያወራበት ሰዓት መስመሩን በቦታው የሚያቆዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። 5 ቮልቱ ደግሞ የሚመጣው ኮኔክተሩ ከተሰካበት ዕቃ ነው። ዕቃው ሲጠፋ 220ው ብቻውን ይቀራል፤ ማብሪያው ግን አሁንም ON ያሳይሃል። በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ በምንም ምክንያት የማይጠፋ መሆን አለበት። እኛ የራሱ 24 ቮልት ያለው አክቲቭ ተርሚኔተር ጫፉ ላይ አስገባን፣ የድራይቩን ማብሪያ OFF አደረግን።

ልኬቱም ቀላል ነው። መስመሩን አቁም፣ ኮኔክተሮቹን በሙሉ ከዕቃዎቹ ንቀል፣ የሁለቱን ጫፍ ማብሪያ ብቻ ON ተው። በፒን 3 እና በፒን 8 መካከል ለካ። ወደ 110 ኦም ካገኘህ ሁለቱም አሉ። 220 ከሆነ አንዱ የለም ወይም ሽቦው ተቆርጧል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ብዙ ኮኔክተሮች ማብሪያቸው ON ሲሆን ወደ ቀጣዩ የሚሄደውን ገመድ ይቆርጣሉ። መሀል ላይ አንዱ በስህተት ON ከሆነ ከማስተሩ በኩል 110 ታነባለህ፣ ከሌላው ጫፍ ግን 220። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ ለካ።

ተርሚኔሽኑን ካስተካከልን በኋላም በሳምንት አንዴ አንድ ስሌቭ ይወድቅ ነበር። ገመዱ ላይ የታተመውን የሜትር ቁጥር ተከትለን ስናሰላ 240 ሜትር ሆነ። ፍጥነቱ 1.5 ሜጋ ቢት ነበር፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ሴግመንት ከ200 ሜትር ማለፍ የለበትም። በ500 ኪሎ ቢት 400 ሜትር፣ በ187.5 ደግሞ 1000 ሜትር ይፈቀዳል። በ12 ሜጋ 100 ሜትር ብቻ ነው። ወደ 500 አወረድነው። የባሱ ዙር በግምት ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ለኮንቬየር ግን ምንም አይደለም። ፍጥነት የሚፈልግ ማሽን ካለህ ሪፒተር አስገባ። አብዛኞቹ ስሌቮች አዲሱን ፍጥነት ራሳቸው ያውቁታል፤ በእጅ የሚስተካከሉ አሮጌዎች ካሉህ ግን ቀድመህ ፈልጋቸው።

አሁን የስሌቩን ዳያግኖስቲክ አንብብ። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ይበቁሃል፦

```
02 05 00 FF
```

02 ማለት ስሌቩ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። 05 ውስጥ ፓራሜትር ላክልኝ የሚል ጥያቄ አለ። FF ደግሞ እስካሁን የያዘው ማስተር የለም ማለት ነው። እንግዲህ ስሌቩ እየመለሰ ነው፣ ሽቦው እስከዚያ ደርሷል። የመጀመሪያው ባይት 01 ከሆነ ግን ያንን የጻፈው ማስተሩ ራሱ ነው፤ ከስሌቩ ምንም አልደረሰውም። ያንተ ስሌቮች በ01 እና ከላይ ባለው መልእክት መካከል የሚመላለሱ ከሆነ ጉዳዩ ገመድ፣ ተርሚኔሽን ወይም የኃይል አቅርቦት ነው። የመጀመሪያው ባይት ሳይቀያየር 04 ወይም 40 የያዘ ከሆነ ሽቦውን ተወው፤ ኮንፊገሬሽኑ ወይም ፓራሜትሩ ከዕቃው ጋር አልገጠመም።

ሲፒዩህ S7-300 ከሆነ ስሌቭ ሲወድቅ የሚጠራው ብሎክ OB86 መጫኑን አረጋግጥ። ከሌለ አንድ ስሌቭ በወደቀ ቁጥር ሲፒዩው STOP ይገባል።

የወደቁበትን ሰዓት፣ የገመዱን ርዝመት፣ ፍጥነቱንና ከሁለቱም ጫፍ ያነበብከውን ኦም እዚሁ ጻፍልኝ። ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ኃይሉን ከየትኛው ብሬከር እንደሚያገኝም ጨምርበት።