ሳሎንን ከመንዝ ስጋጃ ተነስቶ ስለ መቀባት

«ከመንዝ የመጣ የበግ ጸጉር ስጋጃ አለን፤ 2 በ3 ሜትር ነው። መደቡ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ ቡናማ ሐረግና ትንንሽ ቀይ መስቀሎች አሉት። ደብረ ብርሃን ያለው ሳሎናችን (4 በ4) ከእሱ ጋር እንዲሄድ ብለን ግድግዳውን ነጭ አስቀባን፣ መጋረጃውን ቀይ አደረግን። አሁን ስጋጃው የቆሸሸ መሰለ፣ ቤቱም ሮዝ ሮዝ ይላል። ምኑ ላይ ተሳሳትን?»

ከስጋጃው የወሰዳችሁት የቀለሞቹን ስም ነው እንጂ ቀለሞቹን አይደለም። የመንዝ ስጋጃ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡናማውም ብዙውን ጊዜ ያልተነከረ የበግ ጸጉር ነው፤ ቀዩ ብቻ የተነከረ ይሆናል። ያልተነከረ ነጭ ጸጉር ደግሞ ነጭ ይባል እንጂ ወደ ቅቤ መልክ ያደላ ነው። አንድ ንጹሕ ወረቀት ወስዳችሁ በስጋጃው ነጭ ላይ አኑሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ግድግዳችሁ ያ ወረቀት ነው። ዓይን በአንድ ክፍል ውስጥ በጣም የነጣውን «ነጭ» ብሎ ይይዝና ሌላውን በእሱ ይመዝናል፤ ስለዚህ ስጋጃው ምንም ሳይሆን ቆሻሻ መሰለ። ጥቁሩንም እንዲሁ ፈትኑት። የጠፋ የስልክ ስክሪን አጠገቡ ብታስቀምጡ ጥቁር ያላችሁት ጸጉር የተቆላ ቡና መልክ ሊሆን ይችላል።

ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ግን ስጋጃው በእርግጥም ንጹሕ ይሁን። ገመድ ላይ በግልባጩ ሰቅላችሁ ጀርባውን በዱላ አራግፉት፤ የጭስና የአቧራ ሽፋን ነጩን ግራጫ ያደርገዋልና በእሱ ልክ ከቀባችሁ በኋላ ስጋጃው ሲጸዳ ግድግዳው ደብዝዞ ይቀራል። ሙቅ ውሃ አታስነኩት፤ ሱፍ ይሸበሸባል፣ ቀዩም ወደ ነጩ ሊለቅ ይችላል።

ከዚያ ስጋጃውን ቋሚ ቦታው ላይ ዘርጉና በር ላይ ቆማችሁ ዓይናችሁን ግማሽ ጨፍናችሁ እዩት። ሐረጉና መስቀሉ ይጠፋና የሚቀረው የመደቡና የዳሩ መልክ ነው። እናንተ እንደገለጻችሁት ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መደቡ ነው፤ ቡናማው ከእሱ ያንሳል፣ ጥቁሩ ዳሩን ብቻ ይዟል፣ ቀዩ እፍኝ አይሞላም። ክፍሉም በዚሁ ልክ ይከፈል፤ መደቡ ለግድግዳ፣ ቡናማው ለመጋረጃና ለሶፋ፣ ጥቁሩ ለጠርዝ፣ ቀዩ ለጠብታ። እናንተ ትንሹን ቀለም ወስዳችሁ መስኮት አለበሳችሁት፤ ሮዙም የመጣው ከዚያ ነው። ቀን ላይ ብርሃኑ በቀይ ጨርቅ አልፎ ይገባና ነጭ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ግድግዳ ደግሞ የመጣለትን ቀለም ሁሉ ይቀበላል። መጋረጃውን ገልጣችሁ ብታዩ ሮዙ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ግድግዳውን ከመንካታችሁ በፊት መጀመሪያ የሚወርደው መጋረጃው ነው።

ግድግዳው ላይ ጊዜ ስጡ። የሚያስፈልጋችሁ ስጋጃው ራሱ ሳይሆን ከእሱ ፈዘዝ ያለ ክሬም ነው። አራት ግድግዳ እርስ በርሱ ስለሚያንጸባርቅ በትንሽ ናሙና ልክ የነበረ ቀለም ክፍሉን ሲሞላ ደምቆ ይታያል። አንድ ሊትር ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ የአፈር ቢጫና ቡናማ ማቅለሚያ፣ ከፋርማሲ ደግሞ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ስሪንጅ ግዙ። በሊትሩ ላይ 2 ሚሊ ቢጫና ግማሽ ሚሊ ቡናማ ጨምራችሁ ጀምሩ። የማቅለሚያዎች ጉልበት ስለሚለያይ ይህ መነሻ ብቻ ነው፤ በኋላ የምትጨምሩትን እያንዳንዷን ግማሽ ሚሊ ግን ጻፉ። ክሬሙ ቢጮህባችሁ በጥቁር ለማደብዘዝ አትሞክሩ። ጥቁር ከቢጫ ጋር ሲገናኝ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ «ክሬም አስቀብቼ አረንጓዴ ሆነብኝ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚያደበዝዘው ቡናማው ነው።

ናሙናውን ግድግዳ ላይ አትሞክሩት፤ ዙሪያውን ያለው ነጭ ያታልላችኋል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ካርቶን መጀመሪያ ነጭ ቀቡ፣ ሲደርቅ ክሬሙን ሁለት ጊዜ እስከ ጠርዙ ድረስ ቀቡት። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለና ሲደርቅ መልኩ ይለያል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ አሳድሩት። በማግስቱ ካርቶኑን ስጋጃው ጫፍ ላይ አቁማችሁ (አታስተኙት፤ የተኛ ነገር ብርሃን የሚያገኘው ከላይ ነው፣ ግድግዳ ግን ቆሞ ነው) ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ማታ በመብራት እዩት። ልክ ሲሆን ስጋጃው በድንገት የጸዳ ይመስላል። አሁንም ከቆሸሸ ክሬሙ ገና ነጭ ነው፤ ስጋጃው ከነጣ ግድግዳው ከብዷል ማለት ነው።

የማታውን ፈተና አትዝለሉት። የአምፖሉን ካርቶን ብታዩ 6500 ኬልቪን ተጽፎበት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ነው፣ ክሬምንም የበግ ጸጉርንም ግራጫ ያደርጋል። 3000 ኬልቪን ያለውን አስገቡ። ይህን ከቀለሙ በፊት አድርጉት፤ አንዳንዴ ግማሹ ችግር አምፖል ሆኖ ይገኛል።

መጠኑ እንዲህ ነው። ጣሪያው 2.6 ሜትር ከሆነ አራቱ ግድግዳ 41.6 ካሬ ይመጣል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 38። ሁለት እጅ 76 ካሬ ነው፣ አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ወደ 10 ካሬ ስለሚሸፍን 8 ሊትር ያስፈልጋል፤ ለኮርኒሱና ለመጠባበቂያ ሁለት ጨምሩና 10 ይሁን። የጻፋችሁትን ሚሊ ከመነሻው ጋር ደምራችሁ በ10 አባዙና ሁሉንም ቀለም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አንድ ጊዜ በጥብጡ። ቀለም ቀቢው «አንዱን ጣሳ ጨርሼ ሌላውን እበጠብጣለሁ» ቢል እሺ አትበሉ፤ ሁለት ጊዜ የተበጠበጠ ክሬም አንድ አይሆንም፣ ልዩነቱም ግድግዳው መሃል ላይ ይወጣል። ኮርኒሱን ነጭ ካደረጋችሁት ያው የወረቀቱ ነጭ ከላይ ይመለሳል፤ ከባልዲው አንድ ሊትር ተኩል ወስዳችሁ እኩል ነጭ ጨምሩበትና በእሱ ቀቡት።

ለመጋረጃ የሐረጉን ቡናማ አንድ ደረጃ ፈዘዝ አድርጋችሁ ፈልጉ። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ አትወስኑ፤ ቁራጭ አምጥታችሁ መስኮት ላይ ሰቅላችሁ ብርሃን ሲያልፍበት እዩት። ወደ ብርቱካን ከሄደ ተዉት፣ ግድግዳውን ያቃጥለዋል። የዳሩ ጥቁር ደግሞ ለመስኮቱ ብረትና ለዞኮሎው ነው፤ እንዳያችሁት ስጋጃው ላይ ያለው ጥቁር ጥቁር ካልሆነ በጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ይቀቡ።

የወረደውን ቀይ መጋረጃ አትጣሉት፤ ጨርቁ የማያብረቀርቅ ከሆነ ሁለት የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ሱፍ ብርሃን ስለሚውጥ የስጋጃው ቀይ ረጋ ያለ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ቀይ ጨርቅ አጠገቡ ሲቀመጥ ይጮህበታል። ትራሶቹን ከስጋጃው ርቆ ባለው ሶፋ ላይ አድርጉ። ከዚያ በላይ ቀይ አያስፈልግም።