የተበታተነ ቤተሰብን በአንድ ፎቶ ለማስቀመጥ

«ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፣ ወንድሜ ሪያድ፣ እህቴ ቶሮንቶ፣ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር። እናቴ ሁላችንም ያለንበት አንድ ፎቶ ግድግዳዋ ላይ እንዲሰቀልላት ትፈልጋለች። ከስልኬ ያገኘሁትን ቆርጬ አንድ ላይ አደረግኩት፣ ግን የተለጠፈ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እኔ ፎቶ ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዓል ሲደርስ በብዛት የሚመጣልኝ ሥራ ይኸው ነው። በቅድሚያ አንድ ነገር ልንገርህ። ችግሩ ያለው አቆራረጥህ ላይ አይመስለኝም። ስልክህ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ለዚህ ሥራ አልተነሱም። አንዱ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰልፊ ነው፣ አንዱ ማታ በመብራት ነው፣ አንዱ ደግሞ ከሠርግ ላይ የተቆረጠ ነው። ምንም ጎበዝ ብትሆን እነዚህን ማስማማት አትችልም። ስለዚህ ሁሉም እንደገና ይነሱ። ከእናትህ ነው የምትጀምረው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የፍኖተ ሰላም ቤተሰብ የሠራሁትን ልንገርህ። እናትና ሁለት ልጆች እዚህ ናቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ሳውዲ፣ አንዲት ሴት ልጅ ካናዳ። መጀመሪያ መሠረት የሚሆነውን ፎቶ ግቢያቸው ውስጥ አነሳሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ የቤቱ ጥላ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረው። ፀሐይ ላይ አላቆምኳቸውም። እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትሆነው፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ትጥላለች። ካናዳ በክረምት ያለችው ልጅ ጋ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ነው የምትመጣው። እነዚህን ሁለት ፀሐዮች ማንም አያስታርቃቸውም። ጥላ ወይም ደመና ግን የትም አገር ለስላሳ ነው። ልጆቹን «ደመናማ ቀን ጠብቁ፣ ወይም የሕንፃ ጥላ ውስጥ ቁሙ፣ ፊታችሁ ወደ ክፍቱ በኩል ይሁን» አልኳቸው።

እናትየውን ወንበር ላይ ከፊት አስቀመጥኩ፣ ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ። የሌሉት ሁለቱ ከኋላ ቆመው ነው የሚገቡት። ይህን ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ከኋላ የቆመ ሰው እግሩ አይታይም። እግር ከታየ ጫማው መሬቱን ሲነካ የሚጥለውን ጥላ መሥራት አለብህ፣ አብዛኛው ሰው የሚነቃው እዚያ ጋ ነው። ከፊት የተቀመጡት የኋለኞቹን ወገብ ከሸፈኑ ግማሹ ሥራ ተቃለለልህ ማለት ነው።

ከዚያ የጎረቤት ወጣቶችን ጠራሁ። በቁመት ልጆቹን የሚያክሉ ሁለት ሰዎች፣ የሌሉት ልጆች በሚቆሙበት ቦታ ቆሙልኝ። አንድ ፎቶ ከእነሱ ጋር፣ አንድ ፎቶ ያለ እነሱ። ስልኩ ትሪፖድ ላይ ነው፣ ንክች አላደረግኩትም። ይህ ለምን ይጠቅማል? ሰው ሲቆም ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ትንሽ ጨለማ ይወድቃል፣ ብርሃን ይከልላል። ያንን ጥላ በእጅህ ከምትስለው እውነተኛውን ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ ትወስደዋለህ። ቦታውም ልኩን ይታወቃል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፣ ካሜራው ያለበት ከፍታ። ብዙ ሰው ስለ ቀለም ሲጨነቅ ይህን ይረሳል። ካሜራው ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ 1.30 ሜትር ላይ ያለው የሰውነቱ ክፍል ፎቶው ውስጥ አንድ መስመር ላይ ነው የሚውለው። ረጅሙ ጋ ደረት ይሆናል፣ አጭሯ ጋ ትከሻ ይሆናል፣ መስመሩ ግን አንድ ነው። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ከተነሱ ይህ መስመር ይሰበራል፣ ሰውየው ወይ የሚንሳፈፍ ወይ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ይመስላል። የሚያየው ሰው ምክንያቱን አይነግርህም፣ «አንድ ነገር አለው» ብቻ ይልሃል።

ለዚህ የተጠቀምኩት ዱላ ነው። የአባትየውን ዱላ ለካሁት፣ 1.30 ሜትር ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግኩበት፣ ስልኩንም ትሪፖዱ ላይ በዚያው ከፍታ አሰርኩት። እናትየው ከመቀመጧ በፊት የጎረቤቱ ልጅ ዱላውን እግሩ አጠገብ አቁሞ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ውጭ ላሉት ደግሞ የመጥረጊያ እጀታ ላይ በዚሁ ልክ ምልክት አድርጉ፣ ስልኩም በዚሁ ከፍታ ይሁን አልኳቸው። አንድ ፎቶ እጀታውን አጠገባቸው አቁመው፣ ከዚያ እጀታውን አስወግደው፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ዋናውን። ኮምፒውተር ላይ ሳመጣው ሥራዬ ቀላል ሆነ። መሠረቱ ፎቶ ላይ ዱላው ከመሬት እስከ ምልክቱ 1300 ፒክስል ነበር፣ የልጅየው እጀታ 1430። ልጁን ወደ 91 ፐርሰንት አሳነስኩት፣ ምልክቱን ከምልክቱ ጋር አገጣጠምኩት፣ አለቀ። ቁመቱ በግምት አይደለም፣ በልኩ ነው የገባው። እናትየው ስታይ «አዎ፣ ከታናሽየው በዚህን ያህል ነው የሚበልጠው» አለች።

ርቀቱም እኩል ይሁን። እኔ አምስት ሜትር ነው የምጠቀመው፣ ሰባት እርምጃ ያህል ነው። ስልኩ ላይ 2x ይጫኑ፣ 0.5x እንዳይነኩ። ሰልፊ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ክንድ ርቀት ላይ ያለ ካሜራ አፍንጫ ያሳብጣል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይደብቃል። ያ ፊት አምስት ሜትር ላይ ከተነሱ ፊቶች መሃል ሲገባ ምንም ኤዲት አያድነውም። የሳውዲው ልጅ መጀመሪያ የላከልኝ ሰልፊ ነበር፣ መለስኩበት። አልተቀየመም፣ ጓደኛውን አስነስቶ ላከልኝ። ፊት የሚያሳምረውን ፊልተርና ኋላውን የሚያደበዝዘውን ሞድም ያጥፉ።

ኋላቸው ያለው ግድግዳ ነጭ እንዳይሆን። ይህን በደንብ ንገራቸው። ነጠላ ለብሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ከቆሙ የነጠላው ዘርፍ የቱ እንደሆነ፣ ግድግዳው የቱ እንደሆነ አይለይም። ጥቁር ፀጉርም ከነጭ ግድግዳ ላይ ሲቆረጥ ዙሪያውን ነጭ ክር ይተዋል። የእኔ መሠረት ፎቶ ኋላው የባሕር ዛፍ አጥር ነበር፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ስለዚህ ልጅቷን ዛፍ ፊት፣ ልጁን ጠቆር ያለ ግድግዳ ፊት እንዲቆሙ አደረግኩ። ፀጉራቸው ጫፍ ላይ የቀረችው ትንሽ ቀለም እንኳ ከአጥሩ ጋር ተዋሃደች።

ሲልኩልህ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ትልቅ ስታሳትመው የእነሱ ፊት ብቻ ይደበዝዛል።

ቀለም ላይ ስትደርስ የፊት ቀለም ለማመሳሰል አትሞክር። ወንድምና እህትም ቢሆኑ መልካቸው ይለያያል፣ አንዱ ጠይም አንዱ ቀይ ነው። እኔ የማስተካክለው በነጠላው ነው። ሁሉም አገር ልብስ እንዲለብሱ የምለው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ነጩ ነጭ መለኪያ ይሆንልኛል። የጥላ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የእናትየው ነጠላ ትንሽ ሰማያዊ ነበር፣ የልጅየው ደግሞ ቢጫ። ፎቶሾፕ ላይ Curves ከፍቼ የልጁን ነጠላ ከእናቱ ነጠላ ጋር አመሳሰልኩ፣ ከዚያ የፀጉራቸውን ጥቁር። ፊታቸው ራሱ ተከትሎ መጣ። ለማረጋገጥ ከሁሉም በላይ Black & White ሌየር ጨምር። ቀለሙ ሲጠፋ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያበራው ወይም የሚጨልመው ሰው ወዲያው ይለያል። ዓይናቸውንም አጉላና እይ። ብሌናቸው ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ በሁሉም ላይ በአንድ በኩል መሆን አለባት።

ከሁሉም ያሳዘነችኝን ስህተት ሳልነግርህ አላልፍም። የካናዳዋ ልጅ ብርሃኑ በተቃራኒ በኩል መጣባት። እንደገና እንድትነሳ ማስቸገር ከበደኝና ፎቶዋን ገለበጥኩት፣ ግራው ቀኝ ሆነ። ብርሃኑ ገጠመ፣ ደስ አለኝ። እናትየው ግን ፎቶውን ይዛ ዝም አለች። ጣቷን የልጅቷ ጉንጭ ላይ አድርጋ «ማርያም የሳመቻት በዚህ አልነበረም፣ በወዲህ ነው» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጇን በአካል አላየቻትም፣ ያቺን ምልክት ግን አልረሳቻትም። አፈርኩ። ልጅቷ በሌላ ደመናማ ቀን ዞራ ቆማ ተነሳችልኝና አዲስ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ገልብጬ አላውቅም። የነጠላው አጣጣልም፣ የፀጉሩ አከፋፈልም፣ ሰዓት የታሰረበት እጅም ያጋልጥሃል፣ የምታየው ደግሞ እናት ናት።

አባታችሁ በሕይወት ከሌሉና ያለው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ አካል ቀጥለህ አታቁማቸው። እኔ ፎቶውን አሳድጌ በፍሬም አደርገውና እናትየው ጭናቸው ላይ እንዲይዙት አደርጋለሁ። እውነተኛ ነው፣ ያምራል። ደግሞም ይህ ፎቶ ለቤት ነው። ለቪዛ ወይም ለቤተሰብ ፕሮሰስ እንደ ማስረጃ እንዳታስገቡት፣ ከታወቀ ጣጣው ለእህትህ ነው የሚተርፈው።

በመጨረሻ የሁሉም ጥራት አንድ ይሁን። የእህትህ ስልክ አዲስ ከሆነና የእናትህ ፎቶ የተነሳበት አሮጌ ከሆነ፣ የእህትህን ጥቂት አደብዝዘው፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ ቀለል ያለ ኖይዝ አልብስ። ትልቁን 30 በ45 ከማሳተምህ በፊት 10 በ15 አሳትም። ስክሪን ያበራል፣ ወረቀት ይጨልማል፣ በተለይ ጠይም ፊት። ትንሿን ፎቶ ይዘህ እናትህ ቤት ፎቶው የሚሰቀልበት ግድግዳ ጋ ቆመህ እያት፣ ከጨለመች ትንሽ አብራና ከዚያ ትልቁን አሳትም።